አምስተኛ ፎቅ ወይስ መንገዱ ማዶ? የአንድ ቤተሰብ የሰፈር ምርጫ

ሠራተኞቻቸውን ወደ ሌላ ከተማ ለሚያዛውሩ መሥሪያ ቤቶች የሰፈር መረጃ አዘጋጃለሁ። ከሠራኋቸው ውስጥ ብዙ ያስተማረኝን አንዱን እዚህ በዝርዝር አስፍሬዋለሁ። በቤተሰቡ ፈቃድ ነው የምጽፈው፤ ስማቸውንና ከተማውን የተውኩትም እነሱ ስለጠየቁኝ ነው።

ቤተሰቡ አምስት ነው። እናትየዋ ነርስ ናት፤ የተዛወረችውም እሷ ነች፤ ሥራ የምትገባው ከጠዋቱ 1:30 ላይ ነው። አባትየው የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ በዚያው ከተማ 2:30 የሚገባበት ሥራ አግኝቷል። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ4 ዓመት ወንድ ልጅ አሏቸው። አብረዋቸው የሚኖሩት አያት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ መውጣት ይችላሉ፤ ግን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይሆንላቸውም። መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ ያላለው ይህ የአያት ጉልበት ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ ወሳኝ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ጋ ሲመጡ ሁለት ሰፈር ለይተው ነበር። አንዱ ከተማው መሃል ያለ፣ ሕንፃ የበዛበት ሰፈር ነው፤ እዚያ ሊፍት ባለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ቤት አይተው ወደውታል። ሁለተኛው ከተማው ዳር ያለ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቤቱ ግቢ ያለው፣ ሰፋ ያለ፣ ኪራዩም ዝቅ ያለ ነው። ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚለውን እንድመልስላቸው ፈለጉ።

መንገዱ

ዳር ያለው ሰፈር በመንገድ ምክንያት ቀድሞ ወደቀ፤ ግን የወደቀበት ምክንያት ሰው እንደሚገምተው ርቀቱ ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ሰው የመንገዱን ጊዜ የሚለካው ቤት ሊያይ በሄደበት ቀን ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ወይም እሑድ ረፋድ ላይ ይሆናል። እኔ የምለካው ትምህርት ባለበት የሥራ ቀን፣ ሰውየው በሚወጣበት ሰዓት፣ ከቤቱ በር እስከ ሥራው በር ነው። የእግር መንገዱን፣ ሰልፉን፣ ጉዞውንና ከወረዱ በኋላ ያለውን እርምጃ ለየብቻ እጽፋለሁ። ከዳሩ ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ እስከ ፌርማታው 8 ደቂቃ በእግር፣ ሰልፍ 20፣ ጉዞ 45፣ ከወረዱ በኋላ 7 ደቂቃ ወሰደ፤ በድምሩ 80 ደቂቃ። ዝናብ በጣለበት ጠዋት ግን ሙሉ 2 ሰዓት ወሰደ።

ለነርስ የሚታሰበው ያ 2 ሰዓት ነው። ዘግይታ ከደረሰች ሌሊቱን ያደረችው ባልደረባዋ መውጣት አትችልምና። ስለዚህ የምትነሣበትን ሰዓት የሚወስነው የሳምንቱ መጥፎ ቀን እንጂ አማካዩ አይደለም። በዚህ ስሌት እናትየዋ በየቀኑ 11:30 ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ከቤት መውጣት ነበረባት። ማምሻ ፈረቃ በሚደርሳት ሳምንት ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ያልፋል? ወደ ዳሩ ሰፈር የሚሄደው ከእሷ መውጫ በፊት ያልፍ ነበር። አባትየው ይህን ሲሰማ ዳሩን ሰፈር ራሱ ሰረዘው።

ከመሃሉ ሰፈር በመጥፎው ቀን 45 ደቂቃ ነበር። 12:30 ላይ ወጥታ በጊዜ ትደርሳለች።

ትምህርት ቤቱ

ወላጆቹ ትምህርት ቤት ሲፈልጉ ያሰቡት ጠዋት ማን ያደርሳል የሚለውን ነው። መልሱ ቀላል ነበር፤ የትምህርት ቤቱ በር 1:30 ላይ ይከፈታል፤ እናትየዋ ያኔ ሥራ ላይ ናት፤ ስለዚህ አባት ያደርሳል። ከሰዓቱ ግን ሌላ ነው። የታላቋ ትምህርት 9:30 ላይ ያበቃል፤ የትንሹ መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ 6:30 ላይ። በሁለቱም ሰዓት ወላጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ልጆቹን የሚያመጡት አያት ናቸው፤ ያውም በቀን ሁለት ጊዜ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ መመዘን የነበረበት በአያት እርምጃ ነው። አያትን ይዘን ከሁለቱ አማራጭ ትምህርት ቤቶች ወደ አንደኛው ሄድን፤ ስሙ የተሻለ ነበር፤ ግን ዳገት ላይ ነው። እሳቸው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። ሁለተኛው መዋዕለ ሕፃናቱና አንደኛ ደረጃው በአንድ ግቢ ያለ፣ መንገዱም ደልዳላ ነው፤ ሳያርፉ በ12 ደቂቃ ደረሱ። ይሄኛው ተመረጠ።

ትምህርት ቤቱን ከበር ውጭ ሆኖ፣ በመልቀቂያ ሰዓት ማየት ይጠቅማል። ልጆቹ ወደ መኪና መንገድ ይበተናሉ ወይስ ሰው ይረከባቸዋል? ወላጆች የሚጠብቁበት ቦታ አለ? ከሚጠብቁት እናቶች መሃል ገብቶ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳያል፤ «ውሃ ሲጠፋ ልጆቹን ያሰናብታሉ?» ብሎ። መፀዳጃ ቤቱ ውሃ ካጣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በግማሽ ቀን ሊልክ ይችላል። እንዲህ ሲሆን አያት ስልክ ተደውሎላቸው መውረድ አለባቸው። ሊፍቱ በዚያ ሰዓት የማይሠራ ከሆነስ? ሐሳባችን ወደ አምስተኛው ፎቅ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛው ፎቅ

ቤቱ በእውነት ያምር ነበር። ብርሃን ይገባበታል፤ ክፍሎቹ ሰፊ ናቸው። አከራዩ «እዚህ ሕንፃ ላይ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። ውሸቱን አይመስለኝም፤ እሱ የሚኖረው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው።

ውሃን 10 ሜትር ሽቅብ ለመግፋት 1 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል። አንድ ፎቅ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቧንቧ እንዲያንጠባጥብ እንኳ 1.5 ባር መሬት ላይ መኖር አለበት። በፈረቃ በሚደርስ መስመር፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ በሚቀዳበት ሰዓት ይህን ያህል ግፊት አይገኝም። ስለዚህ ሕንፃው እንደ ብዙዎቹ ምድር ውስጥ ማጠራቀሚያ አለው፤ ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣራው ታንከር ይገፋዋል፤ ከጣራው ወደየቤቱ ይወርዳል። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው።

ጥበቃውን ጄኔሬተሩ ምን ምን እንደሚያንቀሳቅስ ጠየቅሁት። ሊፍቱንና የደረጃውን መብራት ነው፤ እሱም ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ። ፓምፑ ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም። የጣራው ታንከር 10,000 ሊትር ይይዛል፤ ሕንፃው ውስጥ 24 ቤተሰብ አለ። ለአንድ ቤት 400 ሊትር ግድም ይደርሳል ማለት ነው። አንድ ሰው በቁጠባ በቀን 60 ሊትር ቢጠቀም ለዚህ ቤተሰብ በቀን 300 ሊትር ነው። ድርሻቸው አንድ ቀን ከሲሶ ቢያቆያቸው ነው፤ ያውም ጎረቤት ሁሉ እኩል ከቆጠበ። በተግባር ግን መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ ባልዲውን የሚሞላ ነው የሚያገኘው።

ደረጃውን በእግራችን ስንወጣ ይህ ሁሉ በዓይን ይታይ ነበር። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሮቹ ደጃፍ ምንም የለም። ከሦስተኛ ጀምሮ በየበሩ ጄሪካን ተደርድሯል። ቤት የሚያይ ሰው በሊፍት ከወጣ ይህን አያይም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በደረጃ መውጣት አለበት።

ለቤተሰቡ ያስረዳኋቸው ይህን ነው። ዝርዝር ወረቀት ላይ መብራት አንድ መስመር፣ ውሃ አንድ መስመር፣ ትምህርት ቤት አንድ መስመር ሆነው ይጻፋሉ፤ በዚህ ሕንፃ ግን ሦስቱም በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለዋል። መብራት ቀን ላይ ሲሄድ ሊፍቱ ይቆማል፤ ፓምፑም ይቆማል፤ አያት ደግሞ 6:30 ላይ ትንሹን፣ 9:30 ላይ ታላቋን ሊያመጡ አምስት ፎቅ ሁለት ጊዜ ወርደው ሁለት ጊዜ መውጣት ይኖርባቸዋል። እናትየዋ ይህን ስዘረዝር ዝም አለች፤ ከዚያ «ሰፈሩን ልንተወው ነው?» አለችኝ። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ የሚመቹት ከዚህ ሰፈር ነው። መተው አላስፈለገም።

መንገዱ ማዶ

የውሃ ቧንቧና የመብራት መስመር የሰፈር ስም ተከትለው አይዘረጉም። አንድ ስም ያለው ሰፈር ሁለትና ሦስት ትራንስፎርመር፣ የተለያየ የውሃ መስመር ሊኖረው ይችላል። «እዚያ ሰፈር መብራት ይጠፋል» የሚለው ወሬ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ እውነት የሚሆነው ለአንዱ ጎን ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አይጠይቅም። መብራት በጠፋ ማታ ወጥቶ የት ድረስ ጨለማ እንደሆነ ማየት ይበቃል። በዚህ ሰፈር ዋናው መንገድ ድንበር ነበር፤ አምስተኛው ፎቅ ያለበት ጎን ሲጨልም ማዶው ይበራ ነበር፤ አንዳንዴም በተቃራኒው። ሁለት ትራንስፎርመር ናቸው ማለት ነው።

የጠፋበትን ጊዜ ለመለካት የምጠቀመው ርካሽ መሣሪያ አለ፤ ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ 24 ሰዓት መካኒካል የሰዓት መቆጣጠሪያ። መብራት ሲኖር ይዞራል፤ ሲጠፋ ይቆማል። ትክክለኛውን ሰዓት አስተካክሎ ሰክቶ ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ማየት ነው፤ የቀረው ያህል መብራት አልነበረም። በድምሩ ከ24 ሰዓት በላይ የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ዙሩ ስለሚጠፋ በየቀኑ መታየት አለበት። ከየጎኑ አንድ ባለሱቅ ለምኜ አሰካሁት። በሳምንቱ መጨረሻ የአምስተኛው ፎቅ ጎን 9 ሰዓት፣ ማዶው 7 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ተገኘ። ብዙ ልዩነት የለውም።

ልዩነቱ የታየው አጠፋፉ ላይ ነው። የመብራት ባለሙያዎች ለዚህ ሁለት መለኪያ አላቸው፤ ሳይዲ አንድ ደንበኛ በአማካይ በድምሩ ስንት ሰዓት መብራት እንዳጣ ይለካል፤ ሳይፊ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠበት። የመጀመሪያው ሲቀራረብ ሁለተኛው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ባለሱቆቹን መብራት በጠፋ ቁጥር እንዲጽፉልኝ ጠይቄ ነበር። በሕንፃው ጎን በየማታው ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይመለሳል። አምፖሉ ከመጥፋቱ በፊት ይደክማል። ይህ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ሸክም እንደተጫነበት የሚያሳይ ምልክት ነው፤ አዳዲስ ሕንፃ ሲጨመር እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም። ማዶው የጠፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው ግን ከጠዋት እስከ ከሰዓት ዘለቀ። ነፋስ በነበረበት ቀን ነው፤ መስመሩ በዛፎች መሃል ያልፋል።

ፀጉር አስተካካዩም፣ በያጁም፣ ወፍጮ ቤቱም ተጠይቀው ይህንኑ ነው ያሉት። ሥራቸው በመብራት የሚያድር ሰዎች የሚሰጡት መልስ ከአከራይም ከደላላም ይበልጥ ይታመናል።

ማዶ ላይ አንድ የምድር ቤት አገኘን። ግቢው ውስጥ 2.5 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት መቆሚያ ላይ 1,000 ሊትር ታንከር ተቀምጧል። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይመጣል፤ በራሱ ግፊት ታንከሩ ውስጥ ይገባል፤ ከታንከሩም በራሱ ክብደት ወደ ቤት ይወርዳል። ፓምፕ የለም። መብራት ቢጠፋ ውሃው አይጠፋም።

በርግጥ ይበቃል ወይ? ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ተከራይ በነበረችው ሴት ፈቃድ ታንከሩ አፍ ላይ 20 ሊትር ጄሪካን አስሞላን፤ 4 ደቂቃ ወሰደ። በሰዓት 300 ሊትር ነው። ውሃው 6 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ በአንድ ሌሊት 1,800 ሊትር መቀበል ይቻላል። ቤተሰቡ በሳምንት የሚፈልገው 2,100 ሊትር ነው፤ በሁለት ሌሊት የሚመጣው 3,600። ውሃ ሞልቷል፤ ያነሰው ማስቀመጫው ነው። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ያለው ረጅሙ ክፍተት 4 ቀን ስለሆነ 1,200 ሊትር ይጠይቃል፤ ታንከሩ ደግሞ 1,000 ነው። አንድ ፈረቃ ቢዘለል ክፍተቱ 7 ቀን ይሆናል።

ስለዚህ ሁለተኛ 1,000 ሊትር ታንከር እንዲጨመር መከርኩ፤ ከመቆሚያው ላይ ግን አይደለም። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ያ ብረት የተሠራው ለአንድ ታንከር ነው። ሁለተኛው መሬት ላይ፣ ለልብስና ለጽዳት በቀጥታ እንዲቀዳበት ሆኖ ተቀመጠ። በሁለቱ 2,000 ሊትር፣ ላዩ ላይ አምስት ጄሪካን፣ ሳምንቱ ይሞላል። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት የመጀመሪያውን ደቂቃዎች ወደ ውጭ ማፍሰስ እንዳይረሳ አሳሰብኩ። በፈረቃ የሚሠራ መስመር ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበት በኩል የአፈሩን ውሃ ይስባል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ደፍራሽ እሱ ነው። በቀጥታ ከመስመሩ በፓምፕ የሚስቡ ጎረቤቶች ይህን ያባብሱታል። ለመጠጥ የሚሆነው ስለዚህ መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት።

ይህን ቤት በመሰለ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ግፊት የተሻለ መሆኑ ሌላ ዋጋ አለው፤ ጎርፍም የሚሄደው ወደዚያው ነው። የጎረቤቶቹን የውጭ ግድግዳ ዞረን አየን፤ ቁርጭምጭሚት ከፍታ ላይ ያለፈው ክረምት የጭቃ መስመር ነበር። ቤቱ በሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ውስጥ አልገባም። የመሬቱ ታንከር ግን ከመስመሩ በላይ እንዲሆን በብሎኬት ከፍ ተደርጎ እንዲቀመጥ ሆነ።

ገበያ

ገበያው ከሁለቱም ቤት እኩል ስለነበር ምርጫውን አልለወጠም። በእግር 6 ደቂቃ ላይ ጉሊት አለ፤ ትልቁ ገበያ በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። ከመብራቱ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያልተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ምግብ መብራት ከጠፋ በኋላ ለ4 ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ሙሉ የሆነ ማቀዝቀዣ ሳጥን ግን እስከ 48 ሰዓት ሊያቆይ ይችላል። ማዶው ላይ መብራት ሲሄድ ረጅም ስለሚቆይ የሳምንት ሥጋና ወተት ማከማቸት አያዋጣም። ወተቱን አያት በየሁለት ቀኑ ልጁን ሲያመጡ በመንገዳቸው ይይዛሉ፤ ከባዱን አባትየው ቅዳሜ ከትልቁ ገበያ ያመጣል። ፍሪጁ መብራት እንደመጣ ወዲያው እንዳይነሣ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያም ተገዛ።

ከገቡ በኋላ

አባትየው እስከ መጨረሻው አምስተኛውን ፎቅ ይመርጥ ነበር። የምድር ቤቱ ኪራይ ትንሽ ይበልጣል፤ ግድግዳውም ያረጀ ነው። የእሱ ሐሳብ ተገቢ ነበር፤ ልጆች በሌሉበት ወይም አያት ባይኖሩ ኖሮ እኔም ሕንፃውን እመክር ነበር። ጎልማሳ ባልና ሚስት አንድ ሰዓት መብራት ቢጠፋ ደረጃውን ወጥተው ይገባሉ፤ ሁለት ጄሪካንም ይበቃቸዋል። እዚህ ጋ ግን ቀኑን ሙሉ ቤቱን የሚይዙት አያት ነበሩ፤ ቤቱም ለእሳቸው መመዘን ነበረበት።

ውል ሲፈረም ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲገባ አደረግን። ሁለተኛውን ታንከር ቤተሰቡ ገዝቶ ዋጋው ከኪራይ እንዲቀነስ፤ መቆሚያው ቢዝግ የሚያሳድሰው አከራዩ እንዲሆን፤ የውሃ ቆጣሪው ለብቻቸው እንዲሆን። የጋራ ቆጣሪ ያለበት ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት ሳይከፍል ቢቀር ውሃው የሚቆረጠው በሁሉም ላይ ነው።

በበጋው መጨረሻ ውሃው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ሆነ። በዚያ ሌሊት የሚመጣው 1,800 ሊትር ነው፤ የሚፈልጉት 2,100። እናትየዋ ደውላ ስትነግረኝ ልብስ የሚታጠበው ውሃ በሚመጣበት ሌሊት በቀጥታ ከቧንቧው እንዲሆን፣ መሬት ላይ ያለው ታንከር ሙሉ ሆኖ እንዲጠብቅ፣ የጎደለውን 300 ሊትር ደግሞ ከየቀኑ ፍጆታ እንዲቆጥቡ አቀድን። እስከ ዝናቡ በዚህ ዘለቁ። እኔም በሰፈሩ መረጃ ላይ ለማዶው ጎን የውሃውን ፈረቃ የበጋና የክረምት ብዬ ለሁለት ከፍዬ ጻፍኩት፤ በበጋ እዚያ ቤት የሚያይ ሰው ለአምስት ሰው ከ2,000 ሊትር በታች ማስቀመጫ ካየ አከራዩን ቀድሞ ያናግር።